ከማህፀን በር እስከ መልስ ወረቀቱ፦ የፓፕ ስሚር ምርመራ የሚጸናበትና የሚስትበት ቦታ

አንዲት ሴት የፓፕ ስሚር ምርመራ አድርጋ መልሷን ስትቀበል ወረቀቱ ላይ የምታገኘው ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። እነዚያ ቃላት የሚጻፉት ናሙናው በሦስት እጆች ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ ነርሷ ወይም ሐኪሙ ሕዋሳቱን ከማህፀን በር ይወስዳሉ፤ ቀጥሎ የላቦራቶሪ ባለሙያው ስላይዱን በቀለም ያሳልፋል፤ በመጨረሻ ደግሞ ሳይቶሎጂስቱ ወይም ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ያነበዋል። ይህ ዳሰሳ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በዚህ መንገድ ላይ እውነቱ የሚጠፋው የት ነው? መልሴን ቀድሜ ልናገር። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው መርማሪው ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ከማሳረፉ በፊት ነው። በሙያው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ግምትም ይህንኑ ያሳያል፤ ችግር እያለ «የለም» ከተባለባቸው ምርመራዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት የተሳሳቱት በናሙናው፣ ቀሪዎቹ በአነባበቡ ምክንያት ነው ይባላል።

የሚፈለገው ሕዋስ ያለበት ቦታ

የማህፀን በር ሁለት ዓይነት ሽፋን አለው። ወደ ብልት የሚታየው የውጭው ክፍል እርስ በርሳቸው በተደራረቡ ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። ወደ ማህፀን የሚያስገባው ቀጭን ቦይ ግን ንፍጥ በሚያመነጩ ቁመታቸው ረዘም ባሉ ሕዋሳት በአንድ ረድፍ ተሸፍኗል። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የቦዩ ሽፋን ወደ ውጭ ገልበጥ ይላል፤ በብልት ውስጥ ያለው አሲድ ሲነካውም ቀስ በቀስ ወደ ጠፍጣፋው ዓይነት ይለወጣል። ይህ ለውጥ የሚካሄድበት ቀለበት ትራንስፎርሜሽን ዞን ይባላል። ካንሰሩን የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ በቀላሉ ሥር የሚሰድደው እዚህ ላይ ስለሆነ የማህፀን በር ካንሰር በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚሁ ቀለበት ነው። ከቫይረሱ ዓይነቶች 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ በዓለም ላይ ከሚታየው የማህፀን በር ካንሰር ወደ 70 በመቶ ለሚጠጋው ምክንያት ናቸው።

ምርመራውን የሚያዋጣው በሽታው የሚሄድበት ፍጥነት ነው። የሰውነት መከላከያዋ በደህና ሁኔታ ላይ ባለች ሴት፣ ያልተለመደው ሕዋስ ወደ ካንሰር ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። መከላከያዋ በተዳከመች፣ ለምሳሌ ኤችአይቪ በደሟ ኖሮ ሕክምና ባልጀመረች ሴት፣ ይህ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። እነዚህ ዓመታት ሁሉ ምንም ሕመም ሳይሰማ የሚያልፉ ናቸው፤ ሕዋሳቱን እየፋቀ የሚያይ ግን ለውጡን ያገኘዋል።

ይህን ያሳየው በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ፓፓኒኮላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሐሳቡን በጉባኤ ሲያቀርብ ብዙም ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1941 ከማህፀን ሐኪሙ ኸርበርት ትራውት ጋር ያሳተመው ጽሑፍ ግን የሙያውን ዓለም አሳመነ፤ «ፓፕ» የሚለው ስምም ከእርሱ ስም የተቀነጨበ ነው። ፓፓኒኮላው ናሙናውን የሚወስደው ከብልት ውስጥ ፈሳሽ በመምጠጥ ነበር። ናሙናውን በቀጥታ ከማህፀን በር የሚፍቀውን የእንጨት ስፓቱላ እ.ኤ.አ. በ1947 ያስተዋወቀው ካናዳዊው ሐኪም ኧርነስት ኤር ነው። ሕዋሱን ከሚገኝበት ቦታ ሄዶ የማምጣት ልማድ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ናሙናው ሲወሰድ

ጥሩ ናሙና የሚጀምረው ከቀጠሮው ነው። ምርመራው ከወር አበባ ቀናት ውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ደሙ ሕዋሳቱን ይሸፍናቸዋልና። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ግንኙነት ማድረግ፣ በብልት ውስጥ የሚገባ ክሬም መጠቀምና ውስጡን በውሃ መታጠብም አይመከርም። ክሬሙ ሕዋሳቱን ይለብሳቸዋል፤ መታጠቡም ሊረግፉ የተዘጋጁትንና የሚፈለጉትን ሕዋሳት ጠርጎ ይወስዳቸዋል።

ባለሙያዋ ማንኛውንም ነገር ከመንካቷ በፊት የሴትየዋን ስምና የካርድ ቁጥር በስላይዱ ሻካራ ጫፍ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። እስክሪብቶ ከሆነ ስላይዱ አልኮል ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ስም የሌለው ስላይድ ደግሞ የማንም አይደለም። ስፔኩለሙ ለብ ባለ ውሃ ይረጥባል። ጄል የግድ ካስፈለገ በጣም ጥቂት፣ ያውም የስፔኩለሙ ጫፍ ላይ ሳይደርስ ይቀባል። በእጅ መመርመርም ሆነ አሴቲክ አሲድ መቀባት ካለ የሚመጣው ከናሙናው በኋላ ነው።

የስፓቱላው ረጅም ጫፍ በማህፀን በር ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ከሥጋው ሳይለይ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ግማሽ ዙር ከሆነ የቀለበቱ ግማሽ ሳይታይ ቀረ ማለት ነው፤ ለውጡ ያለው ባልተፋቀው በኩል ሊሆንም ይችላል። ቀጥሎ ትንሿ ብሩሽ ወደ ቦዩ ትገባለች። የታችኛው ጸጉሯ ከውጭ እየታየ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ብቻ ትዞራለች፤ ከዚያ ካለፈች ታደማለች። ለነፍሰ ጡር ሴት ብሩሹ አይመከርም። ዕድሜዋ ከማረጥ ያለፈ ሴት ላይ ግን ቀለበቱ ወደ ቦዩ ውስጥ ስለሚሸሽ ያለ ብሩሽ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚህ በኋላ ያሉት ሴኮንዶች የምርመራውን ዕጣ ይወስናሉ። በስፓቱላው ላይ ያለው ናሙና ብሩሹ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ስፓቱላው ላይ ይቆያል፤ ንፍጡ እርጥበቱን ይጠብቅለታል። ቀድሞ መስታወቱ ላይ ከተቀባ ግን ብሩሹ እስኪወሰድ ይደርቃል። ሁለቱም በእጅ ሲሆኑ የስፓቱላው ናሙና በአንድ ጊዜ ስስ ሆኖ ይሳባል። ብሩሹ አይፈተግም፤ በስላይዱ ላይ ይንከባለላል፤ መፈተግ ሕዋሳቱን ይጨፈልቃቸዋል። ወዲያው ስላይዱ 95 በመቶ አልኮል ወዳለበት ብልቃጥ ይገባል፤ እዚያም ቢያንስ 15 ደቂቃ ይቆያል። በአልኮሉ ፈንታ የሚረጭ ፊክሳቲቭ ካለ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይረጫል፤ ከቀረበ ግፊቱ ሕዋሳቱን ገፍቶ ያከማቻቸዋል።

አየር ላይ የደረቀ ሕዋስ ምን ይሆናል? ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ሊጥ ተንጣልሎ ይሰፋል። ኒውክለሱ ያብጣል፣ ውስጡ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ይጠፋል፤ ሳይቶፕላዝሙም አረንጓዴ ይዞ መውጣት ሲገባው ሮዝ ይሆናል። ችግሩ የትልቅ ኒውክለስ መኖር ራሱ የለውጥ ምልክት መሆኑ ነው። ስለዚህ የደረቀ ስላይድ ጤነኛዋን ሴት በሽተኛ ሊያስመስል፣ የታመመችውንም ሊሸፍን ይችላል። ላቦራቶሪው የፈለገውን ያህል ጥሩ ቀለም ቢኖረው ይህን ጉዳት አይጠግነውም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አንባቢዎቻችን በአብዛኛው የሚያጋጥማቸው ሌላ ዓይነት አሠራር ነው። እዚያ ብሩሹ መከላከያ ፈሳሽ ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ይታጠባል፤ መሣሪያው ደምና ንፍጡን አጣርቶ ሕዋሳቱን መስታወቱ ላይ በስስ ክብ ቅርጽ ያሰፍራቸዋል። ይህ የመድረቅን ችግር ያስቀራል፤ ከዚያው ጠርሙስም የኤችፒቪ ምርመራ መሥራት ይቻላል። ቀለበቱ ካልተፋቀ ግን ጠርሙሱም ባዶ ነው።

ቀለሙ የሚናገረው

ያልተቀለመ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥላ ብቻ ነው። የፓፓኒኮላው ቀለም ሁለት ነገር እንዲያሳይ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፦ የኒውክለሱን ዝርዝርና የሳይቶፕላዝሙን ብስለት።

ስላይዱ ከአልኮል ወደ ውሃ ከተመለሰ በኋላ መጀመሪያ ሄማቶክሲሊን ውስጥ ይገባል። ይህ ቀለም ከኒውክለሱ ዲኤንኤ ጋር ይያያዛል። ሃሪስ በሚባለው ሄማቶክሲሊን የሚሠሩ ብዙ ላቦራቶሪዎች ሆን ብለው አብዝተው ያቀልሙና ትርፉን በጣም በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያስለቅቃሉ። እዚህ ላይ ጥቂት ሴኮንድ ማለፍ ኒውክለሱን ያነጣዋል፤ ማነስ ደግሞ ሁሉንም ጥቁር ነጥብ ያደርገዋል። ከዚያ አልካሊ ባሕርይ ባለው ውሃ ሲታጠብ ቀይ የነበረው ኒውክለስ ሰማያዊ ይሆናል። ውሃው አሲድነት ካለው ግን ቀይ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ይቀራል።

ቀጥሎ ስላይዱ ወደ አልኮል ተመልሶ ሁለት ቀለሞችን ያገኛል። ኦሬንጅ ጂ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ወይም ለሁለት ደቂቃ ያህል ይቆይበታል፤ የቀንድ ባሕርይ ይዘው የጠነከሩ ሕዋሳትን ብርቱካናማ ያደርጋቸዋል። ኢ.ኤ. የሚባለው ውህድ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ተኩል ወይም ሦስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በውስጡ ያለው ኢዮሲን የበሰሉትን የላይኛ ሕዋሳት ሮዝ፣ ላይት ግሪን ደግሞ ለጋዎቹን ሰማያዊ አረንጓዴ ያደርጋል። እነዚህ ሁለት ቀለሞች በአልኮል የተበጁ ስለሆኑ ሳይቶፕላዝሙ ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ይወጣል፤ በዚህም የተነሳ አንዱ ሕዋስ በሌላው ላይ ቢደረብ እንኳ የታችኛው ኒውክለስ ይታያል። በመጨረሻ ውሃው በንጹሕ አልኮል ይወገዳል፣ ስላይዱ በዛይሊን ይጠራል፣ በላዩም በማጣበቂያ ከቨር ስሊፕ ይደፋበታል።

ቀለሙ መበላሸቱ የሚታወቀው በእነዚህ ነው። ስላይዱ ወተት መስሎ ከደፈረሰ ዛይሊኑ ውስጥ ውሃ ገብቷል። በሕዋሳቱ ላይ ቡናማ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ከቨር ስሊፑ ከመደፋቱ በፊት ዛይሊኑ ተንኖ አየር ተይዟል ማለት ነው፤ ከቨር ስሊፑ ተነቅሎ እንደገና ቢደፋ ይስተካከላል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ከአንዱ ስላይድ የተላቀቀ የሕዋስ ክምር በቀለሙ ውስጥ ተንሳፍፎ በሌላ ሴት ስላይድ ላይ ማረፉ ነው። ቀለሞቹ በየዕለቱ የሚጣሩት ለዚህ ነው። ጥንቁቅ ባለሙያ ቀኑን የሚጀምረው አንድ መሞከሪያ ስላይድ አቅልሞ፣ የጤነኛ ሕዋስ ኒውክለስ ጥርት ባለ ጠርዝና በደቃቅ ቅንጣት መታየቱን አረጋግጦ ነው።

በወረቀቱ ላይ ያሉት ስሞች

ፓፓኒኮላው መልሱን ከአንድ እስከ አምስት ባሉ ደረጃዎች ይሰጥ ነበር። ደረጃዎቹን ግን እያንዳንዱ ላቦራቶሪ በራሱ መንገድ መረዳት ጀመረ፤ አንዱ «ሦስት» ያለውን ሌላው «ሁለት» ይለው ነበር። በአሜሪካ የላቦራቶሪዎች ስሕተት በጋዜጣ ከተጋለጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ባለሙያዎች ሜሪላንድ ውስጥ ቤተስዳ በምትባል ከተማ ተሰብስበው የጋራ ስያሜ አወጡ። ስያሜው ኋላ ላይ ተሻሽሏል፤ በሰፊው የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ2014 የተሻሻለው ነው።

የቤተስዳ መልስ የሚጀምረው ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ናሙናው ብቃት በመናገር ነው። በተለመደው ስላይድ ላይ ከ8,000 እስከ 12,000 የሚገመቱ በደንብ የሚታዩ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ሊኖሩ ይገባል፤ በፈሳሽ በሚሠራው ደግሞ 5,000 ይበቃል። ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ሕዋስ በደም ወይም በመግል ከተሸፈነ ናሙናው ብቁ አይደለም ተብሎ እንዲደገም ይጠየቃል። ከትራንስፎርሜሽን ዞኑ ሕዋስ መገኘት አለመገኘቱም ይጻፋል፤ አለመገኘቱ ብቻውን ግን ናሙናውን አይጥለውም። አንድ እንኳ ያልተለመደ ሕዋስ ከታየ ደግሞ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያንስ ናሙናው ብቁ አይደለም ሊባል አይችልም።

ከዚያ የሚመጣው የመጀመሪያው ክፍል ባለሙያዎች በአጭሩ ኒልም የሚሉት ነው፤ የቅድመ ካንሰር ምልክትም ሆነ ካንሰር አልታየም ማለት ነው። ትሪኮሞናስ፣ ካንዲዳ ወይም የመቆጣት ምልክት ከታየ እዚሁ ሥር ይጠቀሳል፤ እነዚህ ካንሰር አይደሉም።

ሁለተኛው ክፍል የጠፍጣፋ ሕዋሳት ለውጥ ነው፤ ሦስት እርከኖችን ማወቅ ይበቃል። ቀላሉ ኤልሲል ነው። ኒውክለሱ ከጤነኛው በስፋት ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ዙሪያውን ባዶ ቀለበት ይከብበዋል። ይህ የቫይረሱ የእጅ ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል፤ በተለይ በወጣት ሴቶች አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። ከባዱ ኤችሲል ነው። እዚህ ሕዋሱ ትንሽ ይሆናል፤ ኒውክለሱ ግን የሕዋሱን አብዛኛውን ቦታ ይይዛል፣ ጠርዙ ይጨማደዳል፣ ቅንጣቱ ይሻክራል። ይህ ሕክምና የሚሻ እውነተኛ ቅድመ ካንሰር ነው። ሦስተኛው ራሱ ካንሰሩ ነው። ከእነዚህ ጎን ሁለት የጥርጣሬ ስሞች አሉ፦ አስከስ ቀላል ለውጥን ሲያስጠረጥር፣ አስክ-ኤች ከባዱ ሊኖር እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ሁለቱን «ጥርጣሬ ብቻ ነው» ብሎ እኩል ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። አስከስ በኤችፒቪ ምርመራ ወይም ከዓመት በኋላ በሚደገም ስሚር ሊከታተሉት ይቻላል፤ አስክ-ኤች ግን ኮልፖስኮፒ፣ ማለትም የማህፀን በሩን በማጉያ መሣሪያ ማየት ይፈልጋል።

ሦስተኛው ክፍል ንፍጥ አመንጪ ሕዋሳትን የሚመለከት ሲሆን ኤጂሲ በሚለው አጭር ስም ይጻፋል። ብርቅ ቢሆንም ቸል የሚባል አይደለም፤ ምንጩ ከቦዩ ወይም ከማህፀኑ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ስሚር እየደገሙ መጠበቅ አይበቃውም።

አንድ ስላይድ በቅርበት

በላቦራቶሪ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመውን ዓይነት አንድ ስላይድ እንመልከት። ሴትየዋ የ36 ዓመት ናት እንበል፤ ምንም ሕመም የላትም። ስላይዱ መሐሉ ላይ ወፍሯል፣ ጠርዞቹ ሳስተዋል። መርማሪው በአነስተኛ ማጉያ ሲጀምር በግራ ጠርዝ በኩል ትልልቅ ኒውክለስ ያላቸው ሕዋሳት ይታዩታል። ልምድ የሌለው ዓይን እዚህ ላይ ቆሞ ኤልሲል ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ነገር ግን ኒውክለሶቹ ትልቅ ብቻ ሳይሆኑ ገርጥተዋል፣ ጠርዛቸው ደብዝዟል፣ ሳይቶፕላዝማቸው ሮዝ ነው፤ ጎረቤት ሕዋሳትም ያለ ልዩነት ሁሉም እንዲሁ አብጠዋል። በሽታ ሕዋሳትን መርጦ ይይዛል፤ መድረቅ ግን ያገኘውን ሁሉ ነው የሚነፋው። ስለዚህ ይህ ጠርዝ የደረቀ ነው ተብሎ ይታለፋል።

ከዚያ ወፍራሙ መሐል ላይ፣ በአንድ የንፍጥ ክር ውስጥ አሥር የማይሞሉ ትናንሽ ሕዋሳት ተሰልፈው ይታያሉ። በአነስተኛ ማጉያ የመቆጣት ሕዋስ ይመስላሉ፤ በቀላሉም ይታለፋሉ። በ40 ማጉያ ሲታዩ ኒውክለሳቸው ሕዋሱን ሞልቶታል፣ ጠርዙ ጎርበጥ ያለ ነው፣ ቅንጣቱ ደምቋል። ንፍጡ ከመድረቅ ስለጠበቃቸው መልካቸው እምነት የሚጣልበት ነው። ቁጥራቸው ስላነሰ መርማሪው ኤችሲል ብሎ አይደመድምም፤ አስክ-ኤች ብሎ ይጽፍና ለፓቶሎጂስቱ ያሳያል። ሴትየዋ ለኮልፖስኮፒ ትላካለች፤ እርግጡን የሚናገረው ከዚያ የሚወሰደው ቁራጭ ሥጋ ነው። በዚህ ስላይድ ላይ ዓይን የሚስበው ትልቁ ሕዋስ ሐሰት፣ የተደበቀው ትንሹ ደግሞ እውነት ነበር። ጠርዙ ሳይደርቅ አልኮል ውስጥ ቢገባ፣ መሐሉም ስስ ሆኖ ቢቀባ ኖሮ ጥርጣሬው በስሙ ይጠራ ነበር።

ለኢትዮጵያ ምን ይሆናል?

ስሚር ያለ ሠለጠነ መርማሪ፣ ያለ ትኩስ ቀለምና ሴትየዋ ተመልሳ ሳትመጣ ፋይዳው ይጎድላል። የኢትዮጵያ የጤና መርሐ ግብር የማህፀን በር ካንሰር ምርመራን በስሚር ላይ ያልመሠረተው በዚህ ምክንያት ነው። በጤና ጣቢያዎች አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን የማየት ዘዴ ሲሠራበት ቆይቷል፤ መልሱ እዚያው ስለሚታወቅ ሕክምናውንም በዚያው ቀን መስጠት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ደግሞ የኤችፒቪ ዲኤንኤ ምርመራን ያስቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የኤችፒቪ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል፤ የተከተቡትም ሲያድጉ መመርመራቸው አይቀርም። ስሚር ግን በሆስፒታሎችና በግል ላቦራቶሪዎች አሁንም ይሠራል። በዓይን የማየት ዘዴ ቀለበቱ ወደ ውስጥ ለሸሸባት ካረጠች ሴት አይሆንም፤ ለእርሷ ብሩሹ ቦታ አለው።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ስሚር ጥሩ ምርመራ የሚሆነው በጥንቃቄ ሲወሰድና ሲደጋገም ብቻ ነው። አንዱ ስሚር የሳተውን ተከታዩ እንዲያገኘው በሽታው ጊዜ ይሰጣል፤ አንድ ጊዜ ተመርምሮ መቅረት ግን ያንን ጊዜ ያባክነዋል። ናሙና የምትወስዱ ባለሙያዎች፣ የአልኮሉን ብልቃጥ ክዳኑን ከፍታችሁ አጠገባችሁ ሳታስቀምጡ ስፓቱላውን አታንሱ። መልስ የምትቀበሉ እህቶች ደግሞ «ካንሰር የለም» ከሚለው በፊት የናሙናውን ብቃት የሚናገረውን መስመር አንብቡ፤ ከሌለ ጠይቁ፣ ድገሚ ከተባለ ድገሙ፤ አስክ-ኤች፣ ኤችሲል ወይም ኤጂሲ የሚል ካያችሁ ኮልፖስኮፒ ሳይደረግላችሁ ወረቀቱን አታስቀምጡ።